«አይዞሽ» ከተባለ በኋላ የሚጻፈው፦ ለተጨነቀ ሠራተኛ ስለሚላክ መልእክት

(በመሀል አዲስ አበባ ለሚሠሩ የክፍል ኃላፊዎችና የሰው ኃይል ባለሙያዎች የቀረበ ንግግር ጽሑፍ)

እንደምን አመሻችሁ። ከፖስታ ቤት፣ ከሜክሲኮ፣ ከካዛንቺስ የመጣችሁ ትኖራላችሁ፤ በዚህ ሰዓት መንገዱ ምን እንደሚመስል ስለማውቅ ቶሎ ወደ ጉዳዩ ልግባ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ መልእክት ብቻ ነው። አንድ ኃላፊ ለተጨነቀች ሠራተኛ በቴሌግራም ወይም በኢሜይል የሚልካት፣ ቢበዛ አንድ ገጽ የምትሞላ መልእክት። በቅን ልብ ተጽፋ ጭንቀቱን እጥፍ የምታደርግበት ጊዜ ስላለ፣ ከምን ከምን እንደምትሠራ አብረን እንፈታታት።

ለምሳሌ ይሁነን ብዬ የፈጠርኳትን ሠራተኛ ላስተዋውቃችሁ። ሜሮን እንበላት። አምባሳደር አካባቢ ባለ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ የ62 ሰው ፔሮል የምትሠራ የሂሳብ ባለሙያ ናት። በጥቅምት ወር አዲስ የተቀጠረ አንድ ሠራተኛ የጡረታ መዋጮ ላይ ተሳሳተች። እንደምታውቁት ከሠራተኛው የሚቆረጠው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ሲሆን 11 በመቶውን አሠሪው ይከፍላል። እሷ ሁለቱን ዓምዶች አቀያየረቻቸው። የሰውየው ደመወዝ 20,000 ብር ስለነበር 1,400 መቆረጥ ሲገባው 2,200 ተቆረጠበት። ልዩነቱ 800 ብር ነው። ስህተቱ በሦስተኛው ቀን ታየ፣ ብሩ ተመለሰ፣ ሰውየውም «ችግር የለም» ብሎ አለፈው።

ሜሮን ግን አላለፈችውም። ከዚያ ወዲህ ሉሁን አራት አምስት ጊዜ ከላይ እስከ ታች ትመረምራለች። 11:30 መውጣት ሲገባት እስከ ምሽቱ 1:30 ትቆያለች። ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳትም፤ ጠዋት ማርፈድ ጀምራለች። ለአለቃዋም በቀን ስድስት ሰባት ጊዜ ትጽፋለች፤ «ይሄን አይተኸዋል? ልክ ነው አይደል?» እያለች።

አለቃዋ ክፉ ሰው አይደለም። ዓርብ ማታ 11:40 ላይ እንዲህ ብሎ ጻፈላት እንበል፦

«ሜሮን ሰላም ነሽ? ሰሞኑን ትንሽ ተጨንቀሽ አይቼሻለሁ። አይዞሽ፣ አትጨነቂ፣ ምንም ችግር የለም። የፈለግሽውን ነገር እናመቻችልሻለን። ሰኞ ቢሮ ነይና እናወራለን።»

ከዚህ የበለጠ ደግ መልእክት የት ይገኛል ትሉ ይሆናል። እስቲ በሜሮን ዓይን እናንብበው። «አይቼሻለሁ» ሲል እየተከታተለኝ ነበር ማለት ነው፤ ምን ምን አይቶ ይሆን? «ምንም ችግር የለም» ካለ ታዲያ ሰኞ የምንነጋገረው ስለ ምንድን ነው? «የፈለግሽውን» የሚለው ደግሞ ሸክሙን መልሶ እሷው ላይ ይጥለዋል። የተጨነቀ ሰው በጣም ከሚከብዱት ነገሮች አንዱ መጠየቅ ነው፤ ብዙ ብጠይቅ ሰነፍ እባላለሁ፣ ትንሽ ብጠይቅ አይበቃኝም ብሎ ያሰላል። በመጨረሻ «ሰኞ» የሚለው ይመጣል። ከዓርብ ማታ እስከ ሰኞ ጠዋት ስልሳ ሰዓት ገደማ አለ፤ ያን ሁሉ ጊዜ የምታሳልፈው የሥራ መልቀቂያ ደብዳቤ እያረቀቀች ነው።

ጭንቀት የሚመገበው ያልታወቀን ነገር ነው። መጥፎ ዜና እንኳ ቀንና መጠን ሲኖረው አእምሮ ይይዘውና ይሠራበታል፤ ቀንም መጠንም የሌለውን ደግ ቃል ግን በራሱ ይሞላዋል፤ የሚሞላውም በከፋው ነው። ስለዚህ ከመልእክቱ ውስጥ መጀመሪያ መውጣት ያለበት ሻካራ ቃል ብቻ አይደለም፤ ድፍን ቃልም ነው።

አሁን የተሻለውን ላንብብላችሁ። ማክሰኞ ኅዳር 2 ቀን 2018 ጠዋት 4:00 ላይ የተላከ ነው እንበል።

«ሜሮን፣ እንደምን አደርሽ። ይህ የማስጠንቀቂያ መልእክት አይደለም፤ የሥራ አፈጻጸምሽን ለመገምገምም አይደለም። ከጥቅምት ፔሮል ወዲህ አምሽተሽ እየሠራሽ ስለሆነ ሥራውን የሚያቀልልሽ ነገር ላቀርብልሽ ነው የጻፍኩት።

ስለ ጥቅምቱ ስህተት፦ 800 ብሩ ተመልሷል፣ ጉዳዩ ተዘግቷል። በግል ማኅደርሽ ውስጥ የተጻፈ ነገር የለም፤ ወደፊትም በዚህ ጉዳይ አይጻፍም። ፔሮሉ ያንቺ ሥራ ሆኖ ይቀጥላል።

ከሰኞ ኅዳር 8 እስከ ዓርብ ታኅሣሥ 3፣ ለአራት ሳምንት፣ ይህን አስቤያለሁ። አንደኛ፣ የመግቢያ ሰዓትሽን እንቀይር። ወይ ከ3:30 እስከ 12:30፣ ወይ ከ1:30 እስከ 10:30፤ የሚሻልሽን ምረጪ። ደመወዝሽም ፈቃድሽም አይነካም። ሁለተኛ፣ የኅዳርን ፔሮል ካንቺ ቀጥሎ ሌላ ሰው አይቶ ይፈርማል። ለዚህ እንዲመች ሉሁ በ25 ሳይሆን ሰኞ ኅዳር 22 ይድረሰኝ። ሦስተኛ፣ ስለ ፔሮል ያሉሽን ጥያቄዎች አጠራቅመሽ በቀን ሁለቴ፣ 5:00 እና 9:00 ላይ፣ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ አብረን እናያቸዋለን።

የሰዓት ለውጡን የምታውቀው የኤችአሯ ባልደረባችን ብቻ ናት፤ ምክንያቱን ግን አልነግራትም። ሐኪም ወይም ሌላ ቀጠሮ ካለሽ ሰዓቱን ብቻ ንገሪኝ፤ የምን ቀጠሮ እንደሆነ መንገር አይጠበቅብሽም።

እስከ ሐሙስ 6:00 ድረስ “3:30” ወይም “1:30” ብለሽ ጻፊልኝ። ሁለቱም የማይሆንሽ ከሆነ “ሌላ” በዪኝ፤ ሌላ እንፈልጋለን። ዓርብ ኅዳር 19 ለአሥር ደቂቃ እንዴት እንደሄደ እናያለን።»

ይኸው ነው። «አይዞሽ» የሚል ቃል አንድም ቦታ የለም፤ ብትጨምሩበት አልቃወምም፤ ሥራውን የሚሠራው ግን እሱ አይደለም።

ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር እንነሣ። ምን እንዳልሆነ የሚናገረው ምን እንደሆነ ከሚናገረው ቀድሟል። በእኛ መሥሪያ ቤቶች ኃላፊ በጽሑፍ ሲናገር አብዛኛውን ጊዜ ወይ ትእዛዝ ነው ወይ ማስጠንቀቂያ፤ ሠራተኛው «ጉዳዩ፦» የሚለውን ከማየቱ ልቡ ይመታል። ስለዚህ ያንን በር አስቀድሞ መዝጋት ያስፈልጋል። አጠራርም እዚህ ላይ ይገባል። በአፍ «አንቺ» የምትሏትን ልጅ በጽሑፍ ድንገት «እርስዎ» ብትሏት አክብሮት አድርጋ አትወስደውም፤ ደብዳቤው ለፋይል እየተዘጋጀ ነው ብላ ነው የምታነበው። በተገላቢጦሽ «እርስዎ» የምትሏቸውን አንጋፋ የሂሳብ ሹም ለማቅረብ ብላችሁ «አንተ» ብትሉ ሌላ ቅያሜ ትጨምራላችሁ። እንደ ሁልጊዜው ጥሯቸው። ግልባጭ ለማንም አታድርጉ። ሰዓቱም ጠዋት ይሁን፣ ከሳምንቱ መጀመሪያ ቀናት በአንዱ፤ አንብባ ጥያቄ ቢኖራት በዚያው ቀን ልታገኛችሁ ትችላለችና።

ሁለተኛው ክፍል ማረጋጊያው ነው። ሦስት ነገር ብቻ ይላል፤ ብሩ ተመልሷል፣ ማኅደር ላይ የለም፣ ሥራው ያንቺ ነው። ሦስቱም ሊጣሩ የሚችሉ ናቸው። እዚህ ላይ የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው፤ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን አትጻፉ። ድርጅቱ ሠራተኛ ሊቀንስ እያሰበ ከሆነ «ሥራሽ አስተማማኝ ነው» ብላችሁ ብትጽፉና ከሁለት ወር በኋላ ቢነካት፣ ከዚያ ወዲያ ማንም ሠራተኛ ቃላችሁን አያምንም። እንዲህ ባለ ጊዜ የምታውቁትን ከነቀኑ ጻፉ፦ «ስለ ቅነሳ እስከ ዛሬ የተወሰነ ነገር የለም፤ ሥራ አመራሩ በዚህ ቀን ይሰበሰባል፤ በማግሥቱ የሰማሁትን እነግርሻለሁ።» ከባዶ ተስፋ ይልቅ ይህ ያረጋጋል።

አሁን ብዙ ኃላፊዎች ወደሚሳሳቱበት ደረስን፤ ትንሽ ልቆይበት። ሜሮን «ልክ ነው አይደል?» ብላ ስትጽፍ አለቃዋ ወዲያው «ልክ ነው» ብሎ ይመልሳል። ደግነት ነው። ሜሮን እፎይ ትላለች፤ ግማሽ ሰዓት። ከዚያ ጥርጣሬው ይመለሳል፤ አሁን ግን አእምሮዋ አንድ ነገር ተምሯል፤ ጥርጣሬ ሲመጣ መልሱ አለቃን መጠየቅ ነው። በራሷ ፈትሻ ልክ መሆኗን የምታይበትን ዕድል እያጣች ትሄዳለች፤ ስድስቱ ጥያቄ በወሩ መጨረሻ አሥራ ስድስት ይሆናል። አለቃውም ይሰለቻል፣ መልሱ ያጥራል፣ ያ ማጠር ደግሞ አዲስ የጭንቀት ምክንያት ይሆናል። ስለ ጭንቀት የሚያጠኑ ባለሙያዎች ይህን ዙር በደንብ ያውቁታል፤ ማረጋገጫ በተሰጠ ቁጥር ለቅጽበት ያበርዳል፣ ፈላጊነቱን ግን ያሳድገዋል።

የሁለቱ ሰዓቶች ነገር ከዚህ የመጣ ነው። ጥያቄ አልተከለከለችም፤ ሰዓት ተሰጠው እንጂ። 3:50 ላይ የመጣባት ጥርጣሬ እስከ 5:00 ሲጠብቅ ግማሹ በራሱ ይረግፋል፤ «ለካ ፈትሼው ነበር» ትላለች። የቀረውን ይዛ ስትመጣ ደግሞ ፈጥናችሁ «ልክ ነው» አትበሏት። «አንቺ ምን አገኘሽ? በምን ፈተሽሽው?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ከእሷ አፍ ሲወጣ ነው የሚጸናው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሰዓቱ ውጭ መጻፏ አይቀርም፤ «5:00 ላይ እናየዋለን» ብቻ በሉ፣ ሳትቆጡ፣ ማብራሪያም ሳታበዙ።

የሁለተኛ ሰው ፊርማም እንዲሁ ልክ ይፈልጋል። «ሌላ ሰው ያየዋል» ብሎ መተው አይበቃም፤ ምን ያያል? ለእኛ ምሳሌ ሦስት ቦታ ይበቃል፦ የጠቅላላ ደመወዝ ድምር፣ የ7 እና የ11 በመቶው ሁለት ዓምዶች፣ የተጣራ ተከፋይ። ከባለፈው ወር ጋር ተነጻጽሮ ልዩነት ያለበት ስም ሁሉ ምክንያቱ ይጻፋል፤ አዲስ ቅጥር፣ ጭማሪ፣ የለቀቀ። ሁለተኛው ሰው አንድ ጊዜ አይቶ ይፈርማል፤ ከፈረመ በኋላ ሉሁ ይቆለፋል። መቆለፉ ትልቅ ነገር ነው፤ ካልተቆለፈ ሜሮን ማታ ከፍታ እንደገና ትመረምራለች። ልብ በሉ፣ ይህ አሠራር ቀድሞም መኖር የነበረበት ነው። 62 ሰው የሚከፈልበትን ሉህ አንድ ሰው ሠርቶ ያው ሰው ራሱ ካስከፈለ ጉድለቱ የድርጅቱ እንጂ የልጅቷ አይደለም። ለእሷም እንዲህ ብላችሁ ብትነግሯት ውሸት አይሆንባችሁም።

«ታዲያ ለምን ፔሮሉን ለጊዜው ለሌላ ሰው አንሰጥም?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሣል። ቀላሉ መፍትሔ እሱ ይመስላል፣ የመጀመሪያው ሳምንትም ደስ ይላል። ግን የፈሩትን ነገር ጨርሶ መሸሽ ፍርሃቱን ያጸናዋል፤ ሜሮን የምትደርስበት መደምደሚያ «ለካ እውነትም አልችልም» የሚል ነው፤ ባልደረቦቿም ያንኑ ይላሉ። ጥሩ ማስተካከያ ሥራውን ይዛ እንድትቆይ የሚያደርግ፣ ክብደቱን ብቻ የሚቀንስ ነው። በስብሰባ ላይ መናገር የሚያስጨንቀውን ሰው ከስብሰባ አታስቀሩት፤ ሪፖርቱን ቁጭ ብሎ በሁለት ደቂቃ፣ በአጀንዳው መጀመሪያ ላይ እንዲያቀርብ አድርጉ። ጠብቆ ጠብቆ መጨረሻ ላይ መናገር ነው ልብ የሚያወልቀው። በእርግጥ ሰውየው ከታመመ፣ ሥራውን ጨርሶ መሥራት ካልቻለ፣ ያ የማስተካከያ ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የሕመም ፈቃድ ጉዳይ ይሆናል።

ስለ ሰዓቱ። ሁለት ምርጫ የቀረበው ያለ ምክንያት አይደለም። ማርፈዷ እንቅልፍ የሚወስዳት ጎህ ሲቀድ ስለሆነ ከሆነ 3:30 ይረዳታል። ችግሩ የታክሲ ሰልፍ ከሆነ ግን 3:30 ገብቶ 12:30 መውጣት ጠዋት ያተረፈችውን ማታ ስቴዲየም ወይም ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ መልሳ እንድትከፍል ያደርጋታል፤ ለእንዲህ ያለው 1:30 ገብቶ 10:30 መውጣት ይሻላል። ሰፈራቸው ፈርሶ ከመሀል ከተማ ወደ ዳር የሄዱ ሠራተኞች ባሉበት በዚህ ጊዜ ይህን ሳይጠይቁ «እንደፈለግሽ ግቢ» ማለት ቅንነት ቢሆንም ጥቅሙ ትንሽ ነው። «እንደፈለግሽ» ሌላም መዘዝ አለው፤ መቼ ብገባ ነው የማያስቀይመው እያለች በየጠዋቱ ታሰላለች። የተቆረጠ ሰዓት ስጧት።

ከቤት መሥራትን ለሜሮን አላቀረብኩም። ለብዙ ሰው ጥሩ ነው፤ ለእሷ ግን አይመስለኝም። የደመወዝ ሉህ ከቢሮ መውጣቱ ራሱ ችግር አለው፤ መብራት ወይም ኔትወርክ በጠፋ ቁጥርም «ሥራ እየሸሸች ነው ይሉኛል» የሚል አዲስ ስጋት ይመጣል። ከሁሉ በላይ ግን ቤት ውስጥ ሉሁን አሥር ጊዜ ስትከፍት የሚያያት የለም። ቤት መሆን የሚጠቅመው ጭንቀቱ ከጫጫታ፣ ከሰው ብዛት ወይም ከመንገዱ ለመጣበት ሰው ነው።

ወደ ሕጉ ልለፍ፤ አላበዛውም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መደበኛ የሥራ ሰዓትን በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ይገድባል። ሥራው ሲያስገድድ የአንዱን ቀን ሰዓት አሳጥሮ ልዩነቱን በሌሎች ቀናት ማካካስ ይፈቅዳል፤ ቀኑ ግን ከ8 ሰዓት በላይ ከሁለት ሰዓት ባልበለጠ ነው የሚረዝመው። ስለዚህ ረቡዕ ከሰዓት ሦስት ሰዓት ቀድማ ብትወጣ በሌሎቹ ሦስት ቀናት አንድ አንድ ሰዓት ማካካስ ይቻላል፤ ሐሙስ ዕለት ሦስቱንም በአንዴ መጫን ግን አይቻልም። ለተጨነቀ ሰው ባይካካስ ይሻላል የሚል አቋም አለኝ፤ ሦስት ሰዓት ድርጅቱን አያከስረውም።

የሕመም ፈቃድን የሚፈሩት ብዙዎቹ መብቱን ስለማያውቁ ነው። የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ አለው፤ የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ደመወዝ። የታወቀ የሕክምና ተቋም ማስረጃ ይጠየቅበታል። የአእምሮ ሕመምም ሕመም ነው፤ የሐኪም ማስረጃ ይዞ የመጣን ሰው «ይሄማ ጭንቀት ነው» ብሎ የዓመት ፈቃዱን ማስጨረስ ተገቢ አይደለም። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር። ይህ አዋጅ የሥራ መሪዎችን አይመለከትም፤ የተጨነቀው ሰው ራሱ ኃላፊ ከሆነ የሥራ ውሉን ማየት ይኖርባችኋል።

አሁን ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ ብልሽት ላይ ደረስን፤ የጣት አሻራ ማሽኑ። ኃላፊው መልእክቱን አሳምሮ ይጽፋል፣ ሠራተኛዋ 3:30 መግባት ትጀምራለች፣ ማሽኑ ግን 2:30ን ነው የሚያውቀው። በየቀኑ «60 ደቂቃ ዘገየች» እያለ ይመዘግባል። ወሩ ሲያልቅ ደመወዟ ይቆረጣል፤ አንዳንዴም የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ በራሱ ጊዜ ይወጣል። ነገሩ ቀልድ አይደለም። በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠ በ6 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ማርፈድ በአዋጁ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ሳይሰጥ ከሥራ ለማሰናበት ምክንያት ከሚሆኑት አንዱ ነው። ስለዚህ መልእክቱን ከመላካችሁ በፊት ወደ ኤችአር ሂዱና የፈረቃ ሰዓቷ ሲስተሙ ላይ መቀየሩን በዓይናችሁ እዩ። ቀጥሎም ሁለታችሁ የምትፈርሙበት ግማሽ ገጽ ወረቀት አዘጋጁ፤ ከመቼ እስከ መቼ፣ ስንት ሰዓት ገብታ ስንት ሰዓት እንደምትወጣ፣ ደመወዝ እንደማይቀየር። የጤና ምክንያት የሚባል ነገር ወረቀቱ ላይ አይጻፍ። እናንተ ወደ ሌላ ክፍል ብትዛወሩ የሚተካችሁ ሰው ቃላችሁን ሳይሆን ወረቀቱን ነው የሚያገኘው።

ባልደረቦች «እሷ ለምን ትዘገያለች?» ማለታቸው አይቀርም። ዝም ካላችሁ ሐሜቱ ይሠራል፤ ካብራራችሁ ደግሞ ምስጢሯን አወጣችሁ። አንድ መልስ ይበቃል፦ «ሰዓቷ ከእኔ ጋር የተስማማንበት ነው። አንተም ሰዓት ማስተካከል ቢያስፈልግህ ና፣ እናያለን።» ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር የምትሉት ግን ከልባችሁ ከሆነ ብቻ ነው፤ በማግሥቱ ይመጣልና።

ሌላው የማይጻፍ ነገር ምክር ነው። «ፀበል ሂጂ»፣ «ሳይካትሪስት እይ»፣ «ቡና ተዪ»፣ «ስፖርት ሥሪ»። እያንዳንዱ ከወዳጅ አፍ ሲወጣ መልካም ሊሆን ይችላል፤ ከአለቃ ጽሑፍ ሲመጣ ግን ትእዛዝና ምርመራ ይሆናል። የእናንተ ድርሻ ጊዜውን መስጠት ነው፤ ወዴት እንደምትሄድበት የእሷ ነው።

ከዚህ የተለየ ሁኔታ አንድ ብቻ አለ። ስለ ሞት፣ ስለ ራስ ማጥፋት ወይም «ከእንግዲህ መኖሬ ጥቅም የለውም» የሚል ነገር ከተናገረች ወይም ከጻፈች፣ መልእክት የመጻፍ ጊዜው አልፏል። ብቻዋን አትተዋት፣ ተቀመጡ፣ ስሙ፤ ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል ወይ ብላችሁ በግልጽ ጠይቁ። መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። የምታምነውን የቤተሰብ ሰው አብራችሁ ጥሩና በዚያው ቀን የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ውሰዷት። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ከመሀል ከተማ ሩቅ አይደለም። እዚህ ላይ «ምስጢር ነው ብዬሽ ነበር» ብሎ ዝም ማለት አይሠራም።

ወደ ተራው ቀን እንመለስ፤ የቀረችኝ «እሺ» ናት። ሜሮን መልእክቱን አንብባ ከሁለት ደቂቃ በኋላ «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብላ ልትመልስ ትችላለች። እኛ አገር ለአለቃ የሚሰጥ «እሺ» ብዙ ጊዜ «አይቼዋለሁ» ማለት ነው፤ ተስማምቻለሁ ማለት ላይሆን ይችላል። 3:30 እንደሚከብዳት እያወቀችም «እሺ» ትላለች። በመልእክቱ መጨረሻ ከሦስት ቃል አንዱን እንድትጽፍ የተጠየቀችው ለዚህ ነው። «ሌላ» የሚለው ቃል ተጽፎ መቀመጡም እምቢታን ወደ ምርጫ ይለውጠዋል። «እሺ» ብቻ ከመጣ «የትኛው ይሁን፣ 3:30 ወይስ 1:30?» ብላችሁ አንድ ጊዜ ጠይቁ። ሐሙስ 6:00 ድረስ ዝም ካለች ምንም አትቀይሩ፤ ከጥያቄ ጊዜያችሁ በአንዱ ላይ በቃል አንሡት።

ኅዳር 19 ዓርብ ላይ ለሚደረገው የአሥር ደቂቃ ንግግር «አሁን ተሻለሽ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ለዚህም መልሱ «ይመስገን» ነው፣ ከዚያም በር ይዘጋል። የሚቆጠር ነገር ጠይቁ፦ በዚህ ሳምንት ስንት ቀን በሰዓትሽ ወጣሽ? ሉሁን ስንት ጊዜ ከፈትሽው? ከሰዓቱ ውጭ ስንት ጥያቄ ጻፍሽልኝ? የመጨረሻውን እናንተው ቴሌግራማችሁን ከፍታችሁ ትቆጥሩታላችሁ። በቀን ሰባት የነበረው ሦስት ከሆነ ማስተካከያው እየሠራ ነው። ሰባቱ ሰባት ከሆኑ፣ ማምሸቱም ካልቀረ፣ ጥፋቱን እሷ ላይ ከመፈለጋችሁ በፊት አንድ ነገር አጣሩ፤ 5:00 እና 9:00 ላይ በእርግጥ ተቀምጣችሁ ነበር? አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሰው እዚያ ነው። ኃላፊው ሁለት ቀን ስብሰባ ይገባል፣ ቀጠሮው ይቀራል፣ ሠራተኛዋ ተሰላቸብኝ ትላለች። የማትገኙ ከሆነ ከዋዜማው «ነገ 5:00 አልኖርም፣ 9:00 አለሁ» ብላችሁ ጻፉ።

አራቱ ሳምንት ሲያልቅ ሁሉንም ነገር በአንድ ቀን አታንሱ። ሁለተኛው ፊርማ የድርጅቱ አሠራር ሆኖ ይቀራል። የጥያቄ ጊዜው በቀን ወደ አንድ ይወርዳል። የሰዓት ለውጡን የምታነሡት ከሁሉም መጨረሻ ነው። ሐሙስ ታኅሣሥ 2 ጠዋት ላይ የምትልኩትም ሁለት መስመር ነው፦

«ሜሮን፣ የኅዳር ፔሮል ያለ ስህተት ተዘግቷል። 3:30 መግባትሽ እስከ ጥር 1 ይቀጥላል፣ ወረቀቱን ዛሬ እንፈራረማለን፤ ከሰኞ ጀምሮ የምንገናኘው በቀን አንዴ፣ 9:00 ላይ ነው።»